«ነጠላ ወለድ ስለሆነ ችግር የለውም» ለምትሉን



በቅርቡ ቢቸና ላይ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ሰዉ እስኪወጣ ጠብቆ አነጋገረን። የስፌት መኪናዎች ገዝቶ ሱቅ ሊከፍት አስቧል። የሚያስፈልገው 60,000 ብር ነው። አበዳሪ አግኝቷል፤ ብድሩ ለአንድ ዓመት ሲሆን ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው። ሒሳቡን በደብተሩ ጽፎ ነበርና ገልጦ አሳየን። ከዚያም እንዲህ አለን፦ «ኡስታዝ፣ ይሄኮ ነጠላ ወለድ ነው። ወለድ በወለድ ላይ አይጨመርበትም። ቁርኣን የከለከለው ደግሞ እጥፍ ድርብ እየሆነ የሚሄደውን ነው። ሞጣ ያሉት ጓደኞቼም እንዲሁ ነው የሚሉት።»

ይህን ንግግር የሰማነው ከእሱ ብቻ አይደለም። ከደጀን ተነስቶ ቢቸናንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ብዙ ወንድሞቻችን ይሉታል። የተማሩት ደግሞ የበለጠ ይሉታል። ስለዚህ ዛሬ በስሜት ሳይሆን በደብተሩ ላይ በነበረው ሒሳብ እንነጋገር። ከሒሳቡ በኋላ «ነጠላ» የሚለው ቃል ለማን እንደሚጠቅም ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

፩. የትምህርት ቤቱ ጥያቄ

ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። በነጠላ ወለድ ጊዜ ወለዱ ሁልጊዜ የሚታሰበው መጀመሪያ በተበደርከው ዋና ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በጥምር ወለድ ጊዜ ግን ያልተከፈለው ወለድ በየዓመቱ መጨረሻ ዋናው ላይ ይደመርና የሚቀጥለው ዓመት ወለድ በድምሩ ላይ ይታሰባል።

የወጣቱን 60,000 ብር በ15 በመቶ እንውሰድ። በመካከል ምንም አልከፈለም እንበል። የነጠላው በየዓመቱ 9,000 ብር ይጨምራል። የጥምሩ በየዓመቱ በ1.15 ይባዛል።

አንደኛ ዓመት፦ በነጠላ 69,000፤ በጥምር 69,000።
ሁለተኛ ዓመት፦ በነጠላ 78,000፤ በጥምር 79,350።
ሦስተኛ ዓመት፦ በነጠላ 87,000፤ በጥምር 91,252 ከ50 ሳንቲም።
አምስተኛ ዓመት፦ በነጠላ 105,000፤ በጥምር 120,681።
አሥረኛ ዓመት፦ በነጠላ 150,000፤ በጥምር 242,733።

አሥረኛውን ዓመት ያየ ሰው «ጥምሩ አውሬ ነው፣ ነጠላው ግን የዋህ ነው» ይላል። የመምህሩ ጥያቄም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። እኛ ግን የምንለው፣ የመጀመሪያውን መስመር ተመልከቱ ነው። በአንደኛው ዓመት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አንድ ብር እንኳ አይለያዩም። በሁለተኛው ዓመት ልዩነታቸው 1,350 ብር ብቻ ነው፤ ይህም የመጀመሪያው 9,000 ብር ራሱ የወለደው 15 በመቶ ነው።

ወጣቱ የሚበደረው ለአንድ ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ብድር ላይ በየዓመቱ የሚታሰብ «ጥምር» እና «ነጠላ» የሚባል ልዩነት የለም። ታዲያ አንዱን ሐላል ሌላውን ሐራም የሚያደርገው ምኑ ነው? ሁለቱም የሚያመጡት ያው 9,000 ብር ከሆነ፣ ስሙን ይዘን ፈትዋ ልንሰጥ ነው?

፪. ነጠላው እንዴት ጥምር ይሆናል?

አሁን ደግሞ ዓመቱ ደረሰ፤ ወጣቱ ግን ገበያው ስላልቀናው 69,000ውን መክፈል አልቻለም እንበል። አበዳሪው «ግድ የለም፣ አሮጌውን ውል ቀደን አዲስ ውል እንጻፍ» ይለዋል። አዲሱ ውል ላይ ዋና ገንዘብ ተብሎ የሚጻፈው 69,000 ነው። ወለዱም አሁንም «ነጠላ፣ በዓመት 15 በመቶ» ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ስንት ሆነ? 79,350። ይህ ቁጥር ከላይ የት እንዳለ ተመልከቱ፤ የጥምሩ ዓምድ ላይ ነው።

ሁለቱም ውሎች ላይ «ጥምር» የሚል ቃል የለም። ሁለቱም ነጠላ ናቸው። ግን ነጠላ ውል በታደሰ ቁጥር ጥምር ይሆናል፤ ያለፈው ወለድ ስሙን ቀይሮ ዋና ሆኗልና። ጥምር ወለድ ማለት ያልተከፈለና የታደሰ ነጠላ ወለድ እንጂ ሌላ ዘር አይደለም።

በገጠር አራጣ ላይ ይህ በዓመት ሳይሆን በወር ይከናወናል። ጤፉ ሳይደርስ የቸገረው ገበሬ 10,000 ብር «በመቶ አሥር» በወር ወሰደ እንበል። ነጠላ ሆኖ ከቀጠለ በ12 ወር 22,000 ይሆናል። ውሉ በየወሩ እየታደሰ ወለዱ ዋና እየሆነ ከሄደ ግን 31,384 ይደርሳል። የ9,384 ብሩን ልዩነት ያመጣው የምጣኔው መጨመር አይደለም፤ የመታደሱ ብዛት ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ተበዳሪና አበዳሪ ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ እንዳይዋዋሉ መከልከሉን፣ አራጣም በወንጀል ሕጉ እንደሚያስቀጣ ብዙዎቻችን ረስተነዋል።

እንግዲህ በጃሂልያ ዘመን የነበረው ሪባ ይኸው ነበር። ዕዳው ሲደርስ አበዳሪው ተበዳሪውን ወይ ክፈል ወይ ጨምር ይለው እንደነበር ዑለማዎች ዘግበዋል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 130ኛው ኣያ ላይ የተጠቀሰው ድርብርብ ሪባ ይህን የነበረ ልማድ ይገልጻል። ወጣቱ ግን መግለጫውን እንደ ቅድመ ሁኔታ ወሰደው፤ «ካልተደራረበ ይፈቀዳል» አለ። በዚህ አካሄድ በሱረቱል ኢስራእ 31ኛው ኣያ ልጆችን ድህነት ፈርታችሁ አትግደሉ ስለተባለ፣ ድህነት ያልፈራ ሰው ይግደል ማለት ነው? አዑዙ ቢላህ! ኣያዋ የነበረውን ክፉ ልማድ ገለጸች እንጂ ለሌላው በር አልከፈተችም።

ይህን የሚዘጋ ሌላ ኣያም አለ። በሱረቱል በቀራህ 279ኛው ኣያ መሠረት ከሪባ የተመለሰ አበዳሪ የሚያገኘው ዋና ገንዘቡን ብቻ ነው። ዋናው 60,000 ከሆነ የአበዳሪው ሐቅ 60,000 ነው፤ 69,000 አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የተሰበሰቡት የአዝሀር የምርምር አካዳሚ ዑለማዎችም፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም የብድር ወለድ ትንሹም ትልቁም ሪባ ነው ብለው ወስነዋል። የተለየ አስተያየት የሰጡ ግለሰቦች አልጠፉም፤ የጋራ ጉባኤዎቹ ውሳኔ ግን ይህ ነው።

፫. በየወሩ ሲከፈል የሚደበቀው

የወጣቱ ውል ገና ሌላ ጉድ ነበረበት። ብድሩ የሚከፈለው ዓመቱ ሲያልቅ በአንዴ አይደለም፤ በየወሩ ነው። ደብተሩ ላይ «60,000 ሲደመር 9,000፣ ለ12 ሲካፈል 5,750» ብሎ ጽፏል። ማለትም በየወሩ 5,000 ከዋናው፣ 750 ከወለዱ። የብድር ሠራተኞች ይህን አሠራር «ፍላት» ይሉታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወጣቱ 60,000 ብር በእጁ የሚቆየው ለአንድ ወር ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ያለበት ዋና ዕዳ 55,000 ነው፤ በሦስተኛው 50,000፤ እንዲያ እያለ በመጨረሻው ወር 5,000 ብቻ ይሆናል። የአሥራ ሁለቱን ወር ዕዳ ደምራችሁ ለ12 ብታካፍሉት አማካዩ 32,500 ብር ነው። ወለዱ ግን ዓመቱን ሙሉ 60,000 ብር ይዞ እንደቆየ ተቆጥሮ ነው የታሰበበት። የመለሰው ገንዘብ ላይ ሳይቀር ወለድ ይከፍላል!

አሁን 9,000ን ለ32,500 አካፍሉት፤ 27.7 በመቶ ይመጣል። በሌላ ዘዴ ብታሰሉትም ከ26 በመቶ አይወርድም። «15 በመቶ፣ ያውም ነጠላ» የተባለው ብድር ትክክለኛ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ሞጣ ያለው ጓደኛው ደግሞ ያንኑ 60,000፣ በዚያው 15 በመቶ፣ ነገር ግን በቀሪ ዕዳ ላይ በሚታሰብ ወለድ ተበደረ እንበል። የ15 በመቶ አንድ አሥራ ሁለተኛ በወር 1.25 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር ወለዱ 750 ብር ነው፤ በሁለተኛው 687 ከ50፤ በመጨረሻው ወር 62 ከ50 ብቻ። የዓመቱ ድምር 4,875 ብር ይሆናል። ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ዓይነት ገንዘብ፣ አንድ ዓይነት «15 በመቶ»፤ አንዱ 9,000 ሌላው 4,875 ይከፍላል።

ብድሩን ቀድሞ መክፈል ሲፈልጉም ልዩነቱ ይታያል። ስድስት ወር ከፍለው በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ገንዘብ አገኙ እንበል። የሞጣው ቀሪ 30,000ውን ከፍሎ ይገላገላል፤ የቀሩት ወራት ወለድ 1,312 ብር ከ50 ይቀርለታል። የቢቸናው ውል ቀድሞ ለከፈለ ወለድ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ከሌለው ግን 34,500 ይጠየቃል፤ ላልተጠቀመበት ጊዜ 4,500 ብር ማለት ነው።

ይህን ስንል የሞጣውን ሐላል ማድረጋችን አይደለም። 4,875ም 9,000ም በብድር ላይ የተጨመረ ነው፤ ሁለቱም ሪባ ናቸው። ነገር ግን «ነጠላ ስለሆነ ይሻላል» የሚለው ወንድማችን በዱንያ ሒሳብም መታለሉን ይወቅ። ፍላት በስሙ ነጠላ ነው፤ ግን በወጣቱ ላይ ከባዱ እሱው ሆኖ ተገኘ።

፬. እኛም ራሳችንን እንጠይቅ

አሁን አንዳንዱ «ታዲያ የናንተ ሙራበሓስ? 60,000 የሚያወጣ መኪና በ69,000 በ12 ወር ይሸጥልኛል። ወር በወር የምከፍለው ያው 5,750 ነው» ይለናል። ልክ ነው፤ ቁጥሩ ያው ነው። ይህን የሚክድ ሰው ሒሳብ አያውቅም ወይም አድማጩን ይንቃል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያ በፊትም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ሲከፍቱ ደስ ብሎናል፤ ደስታችን ግን ሒሳብ ከመጠየቅ አያግደንም።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሙራበሓ ሻጩ መኪናውን በእውነት ገዝቶ የራሱ ማድረግ አለበት፤ ሳይሸጥልህ ቢሰበር ኪሳራው የእሱ ነው። ከሸጠልህ በኋላ ደግሞ ዋጋው ይቆለፋል። የ69,000 ዕዳህ ዓመት ሞልቶት ሁለት ዓመት ተጨማሪ ዘገየብህ እንበል። በሽያጩ አሁንም 69,000 ነው። በነጠላ ወለድ 87,000 ሆኗል። በጥምር 91,252 ደርሷል። እነዚህ ከላይ ያየናቸው የሦስተኛ ዓመት ቁጥሮች ናቸው። ነጠላውና ጥምሩ የሚለያዩት በ4,252 ብር ነው፤ ሁለቱ ግን ከሽያጩ የሚለዩት በ18,000 እና በ22,252 ነው። ትልቁ ድንበር በነጠላና በጥምር መካከል ሳይሆን በሚያድግ ዕዳና በማያድግ ዕዳ መካከል ነው።

ስለዚህ «ከወለድ ነፃ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትፈርሙ። ዕቃ ሳይኖር ብር በእጃችሁ ከተሰጣችሁ፣ ወይም ስትዘገዩ ዋጋው እንደገና ተጽፎ ለሻጩ ገቢ የሚሆን ጭማሪ ከመጣ፣ ያ ሙራበሓ አይደለም፤ ጀለቢያ የለበሰ ወለድ ነው። ሐላል ቢሆንም ውድ ሊሆን ይችላልና የእጅ በእጅ ዋጋውን ከገበያ ጠይቃችሁ ከዱቤው ጋር አስተያዩት።

፭. «ሐራም ነው» ብለን ብቻ አንላከው

ያ ወጣት ጥያቄውን ይዞ ሲመጣ ከእኛ መካከል አንዱ «ሐራም ነው፣ ተወው» ብሎት ነበር። ወጣቱም «እሺ፣ 60,000ውን እናንተ ስጡኛ» አለው። ዝም አልን። ይህ ዝምታ ነው ልጆቻችንን አበዳሪው ደጅ የሚያቆማቸው።

መልሱ ግን ደብተሩ ላይ ነበር። የወለዱን 750 ብር ሰርዙት፤ በወር 5,000 ይቀራል። አሥራ ሁለት የሚተማመኑ ሰዎች በወር አምስት አምስት ሺ ብር እቁብ ቢጥሉ፣ በየወሩ አንዱ 60,000 ብር ይወስዳል። ያው ገንዘብ፣ ያው ጊዜ፣ ወለዱ ዜሮ። አባቶቻችን ያለ ካልኩሌተር የደረሱበት ነገር ነው።

ጉድለቱንም እንናገር። ዕጣው መጨረሻ ለደረሰው ሰው እቁቡ ቁጠባ ነው እንጂ ብድር አይሆንለትም፤ ስለዚህ አባላቱ የተቸገረውን በፈቃዳቸው ቀድሞ እንዲወስድ ሊያደርጉ ይገባል። ቀድሞ የወሰደ ሰው ቢጠፋ ጉዳቱ የሁሉም ነውና ዋስ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ዕጣ መሸጥን ተጠንቀቁ። «ዕጣህን አሁን ስጠኝ፣ 4,000 ብር እጨምርልሃለሁ» የሚለው ወንድም በእቁብ በር ወለድን ይዞ ገብቷል። ዛሬ 60,000 ወስዶ በኋላ 64,000 መክፈል ሌላ ስም የለውም።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለነጋዴዎቻችንም የምንለው አለ። ጨርቅ ነጋዴው ለዚህ ወጣት ብር ከሚያበድረው መኪናውን ገዝቶ ትርፉን ሊካፈለው ይችላል። ቢከስር ሁለቱም ይከስራሉ፤ ቢያተርፍ ሁለቱም ያተርፋሉ። ይህን ካላደረግን ስለ ሪባ የምንሰጠው ትምህርት ለአበዳሪው ማስታወቂያ ከመሆን አያልፍም።

አሁኑኑ ዕዳ ውስጥ ላላችሁት ደግሞ፦ ነገ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ዋና ነው ወይስ በቀሪው? ቀድሜ ብከፍል ይቀነስልኛል ወይ? መልሱን በቃል ሳይሆን ከውሉ አንቀጽ አሳዩኝ በሉ። በቀሪው ከሆነ ያገኛችሁትን ሁሉ ከዋናው ላይ ቀንሱ፤ በየቀነሳችሁት ልክ ወለዱ ይሞታል። በፍላት ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ቅናሹ ተደራደሩ። ዓመቱ ሲደርስ ግን ምንም ቢቸግራችሁ ወለዱ ዋና የሆነበት አዲስ ውል አትፈርሙ።

ወጣቱ ደብተሩን አጥፎ ሲሄድ «ነጠላ» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ሰርዞት ነበር። በጁምዓው ማግስት ስድስት ሰዎች ለእቁቡ ስማቸውን ሰጥተዋል። ስድስት ይቀራሉ።

አላህ ሐላሉን ያግራልን፣ ከሪባም ይጠብቀን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።